ክሬቲን ውኃውን የት ያስቀምጠዋል?

በየጂሙ መደርደሪያ ላይ የሚታየውን ነጭ ዱቄት፣ ክሬቲንን፣ ሁለት ተቃራኒ ወሬዎች ይከተሉታል። አንዱ «ሰውነትህን ያደርቀዋል፣ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው አይንካው» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ውኃ ይይዛል፣ የወሰደ ሰው ቶሎ አይጠማውም» ይላል። ሁለቱም የተነሡት ከአንድ እውነት ነው፤ ክሬቲን በሰውነት ውስጥ ያለውን የውኃ መጠን ይለውጣል። የሚሳሳቱት ውኃው የት ገብቶ እንደሚቀመጥ ሳይጠይቁ በመፍረዳቸው ነው።

ክሬቲን እንግዳ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኡዤን ሼቭረል በ1832 እ.ኤ.አ. ከሥጋ ውስጥ ለይቶ አወጣው። ጉበታችንና ኩላሊታችንም በየቀኑ ይሠሩታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በቀን 2 ግራም ያህል በሽንቱ ስለሚያስወግድ ግማሹን ሰውነቱ ሠርቶ፣ ግማሹን ከሥጋና ከዓሣ አግኝቶ ይተካዋል። ከጠቅላላው ክምችት ደግሞ 95 በመቶው ያለው በጡንቻ ውስጥ ነው። እዚያ የሚሠራው ሥራ ምድጃ አጠገብ እንደተቀመጠ ፍልጥ ነው፤ ድንገት ብርቱ ኃይል ሲያስፈልግ፣ ጫካ ሳይወረድ፣ ለጥቂት ሰከንድ እሳቱን ያቀጣጥላል። ስለዚህ የሚጠቅመው ከባድ ነገር ለሚያነሣና ለአጭር ርቀት ፈጣን ሩጫ እንጂ፣ በእኩል ፍጥነት ለሁለት ሰዓት ለሚሮጥ ሰው እምብዛም አይደለም።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። ክሬቲን ወደ ጡንቻ ሕዋስ ሲገባ ውኃ ተከትሎት ይገባል። በቀን 20 ግራም ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን የሚወስዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ የሚጨምሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው ጭማሪ በአብዛኛው ውኃ እንጂ ሥጋ አይደለም። ይህ ውኃ ያለው በሕዋሱ ውስጥ ነው። ላብ ግን በቀጥታ የሚቀዳው ከደምና በሕዋሳት መካከል ካለው ፈሳሽ ነው። ድርቀቱ ሲበረታ ጡንቻም ከያዘው ጥቂት ይለቃል፤ ቢሆንም በተጠማን ሰዓት ከፍተን የምንቀዳው ጀሪካን አይደለም። «ክሬቲን ስለወሰድኩ ውኃ አያስፈልገኝም» የሚለው ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

«ያደርቃል» የሚለው ፍርሃት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1997 እ.ኤ.አ. ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች፣ አንዱ በሰሜን ካሮላይና፣ አንዱ በዊስኮንሲን፣ አንዱ በሚሺጋን፣ በሳምንታት ልዩነት ሞቱ። ክሬቲን በዚያን ጊዜ ገበያውን እያጥለቀለቀ ስለነበር ጣት ወዲያው ወደ እሱ ተቀሰረ። የጤና ባለሥልጣናት ጉዳዩን ሲመረምሩ የተገኘው ሌላ ነበር። ወጣቶቹ ለውድድር የሚፈቀደውን ክብደት ለማሟላት ላብ የማያሳልፍ ልብስ ለብሰው፣ በሞቃት ክፍል ውስጥ፣ ውኃ ሳይጠጡ ሰውነታቸውን ሲያደክሙ ነበር። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ያገደው ያንን ልብስና የሞቃት ክፍሉን ልምድ ነው። ወሬው ግን እስከ ዛሬ ዱቄቱን አልለቀቀም።

ጥናቶቹም ፍርሃቱን አልደገፉትም። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የግላስጎው ተመራማሪዎች ሥራ ልምድ ያላቸውን ወንዶች በ30 ዲግሪ ሙቀት ብስክሌት እስኪደክማቸው አስነዳ። ክሬቲን የወሰዱት በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ውኃ ጨመረ፤ የልብ ምታቸውና የውስጥ ሙቀታቸውም ከቀድሞው ባነሰ ፍጥነት ወጣ። ይሁን እንጂ እስኪደክሙ የቆዩበት ጊዜ በአማካይ አልረዘመም። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ሰዎቹን አስቀድመው ከክብደታቸው 2 በመቶ ያህል ውኃ አሳጥተው ሙቀት ውስጥ አሠሯቸው፤ እዚያም ክሬቲን ሙቀት መቋቋማቸውን አላበላሸውም። እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ክሬቲን በሙቀት ውስጥ ጠላት አይደለም፣ አዳኝም አይደለም። ሆኖም አንድ ተንኮል አለው፤ ሚዛንን ያታልላል።

70 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ ድሬዳዋ ላይ ሲለማመድ እናስብ። ሽንቱን ሸንቶ፣ ልብሱን አውልቆ ይመዘናል፤ 70 ኪሎ። ለአንድ ሰዓት ተኩል ይሮጣል፤ በመሃል 6 ዴሲሊትር ውኃ ይጠጣል፤ ሽንት ቤት አይሄድም። ሲመለስ ላቡን በፎጣ አድርቆ ይመዘናል፤ 68 ኪሎ። ክብደቱ በ2 ኪሎ ቀንሷል፤ የጠጣው 6 ዴሲሊትርም በላብ ወጥቷል፤ ድምሩ 2.6 ሊትር ነው። ለአንድ ሰዓት ተኩል ሲካፈል በሰዓት 1.7 ሊትር ያህል አልቧል ማለት ነው። ከክብደቱ ያጣው ወደ 3 በመቶ ይጠጋል፤ 2 በመቶ ካለፈ ደግሞ በሙቀት ውስጥ የሚሮጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ይኸው ሯጭ አሁን ለአንድ ሳምንት 20፣ 20 ግራም ክሬቲን ወሰደ እንበል። ጠዋት ሲመዘን 71.5 ነው። ያንኑ ሩጫ ሮጦ ሲመለስ 69.5 ይሆናል። «ኪሎዬ ድሮም 70 ነው፣ የጎደለኝ ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው» ብሎ ግማሽ ሊትር ጠጥቶ ቢተኛ፣ 1 ሊትር ተኩል ዕዳ ይዞ ያድራል። በማግስቱ ጠዋትም ሚዛኑ የቀድሞውን 70 አካባቢ ስለሚያሳየው ደህና ነኝ ብሎ ይወጣል። ክሬቲን አላደረቀውም፤ ድርቀቱን ደበቀበት። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የዛሬን መነሻ ከዛሬ መድረሻ ጋር ብቻ ማነጻጸር፣ የጠዋት መነሻ ክብደትንም ክሬቲን ከጀመሩ ከሳምንት በኋላ በአዲስ መያዝ ይበቃል።

የጎደለውን 2 ሊትር ለመተካት 2 ሊትር ብቻ አይበቃም፤ ከሚጠጣው ከፊሉ በሽንት ይወጣልና። በቀጣዮቹ ሰዓታት ከ2.5 እስከ 3 ሊትር ቀስ እያሉ፣ ጨው ካለው ምግብ ጋር መውሰድ ይሻላል፤ ሽሮም ይሁን ሾርባ። በሥራ ላይ ላለ ሰው ደግሞ የሚመከረው በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ነው። ሆኖም በሰዓት ከ1.4 ሊትር በላይ መጠጣት አይገባም። ውኃ ብቻ ከመጠን በላይ የሚጠጣ ሰው የደሙ ጨው ይቀንሳል። በ2002 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ ሯጮች መካከል 13 በመቶው ሶዲየማቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡትም በሩጫው ክብደት የጨመሩት ነበሩ። ለብዙ ሰዓት በሚያልበው ሰው ከረጢት ውስጥ የኦአርኤስ ፓኬት ቢኖር ከማንኛውም ሰፕሊመንት የበለጠ ይረባዋል።

በሌላ ጫፍ የኃይሌ ገብረሥላሴ ምሳሌ አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. የዱባይ ማራቶንን በ2:05:29 ሲያሸንፍ ከክብደቱ 9.8 በመቶ ማጣቱ ተለክቷል። ያ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፣ የሠራውም ኃይሌ ነው፤ ስምንት ሰዓት ብረት ለሚያስር ወይም ሰሊጥ ለሚያጭድ ሰው ሕግ አይሆንም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለው ሰውነት ወሰን ስላለው ነው። ለማራቶን ሯጭ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ፤ አንድ ኪሎ ተኩል ትርፍ ክብደት ለ42 ኪሎ ሜትር መሸከም ነው። ሩጫ ሲቃረብ ብዙ ክሬቲን መጀመር ለእኔ ትርጉም የለውም።

መውሰድ ለሚፈልግ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም በቂ ነው። ጡንቻ በአራት ሳምንት ውስጥ ያንኑ ያህል ይሞላል፤ የ20 ግራሙ ሳምንት አያስፈልግም። ደግሞም በአንድ ጊዜ 10 ግራም የዋጠ ሰው ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል፤ በሙቀት ላይ ተቅማጥ ሲጨመር ነው ነገሩ በእርግጥ አደገኛ የሚሆነው። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ አይሟሟም፤ ለብ ባለ ሻይ ይሻላል። በጥብጦ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማቆየት ግን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል።

ጾመኞችም ይጠይቃሉ። ገበያ ላይ ያለው ዱቄት በፋብሪካ ከኬሚካል የሚሠራ ነው፣ ከሥጋ የሚወጣ አይደለም፤ የካፕሱሉ ሽፋን ግን ከእንስሳት ጄላቲን ሊሆን ይችላል። ሥጋ የማይበላ ሰው ክምችቱ ዝቅ ስለሚል ለውጡ ይበልጥ ይታወቀዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም በረመዳን እስከ ማታ ውኃ የማይቀምስ ከሆነ ከማዕድ ጋር ይውሰደው። ቀኑን የሚያሻግረው ግን ጥላና ዕረፍት ነው፤ ክሬቲን የዚያን ዕለት ላብ አይተካም።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ጤነኛም ቢሆን የደም ምርመራ ሲያደርግ ክሬቲን እንደሚወስድ ይናገር፤ ክሬቲን ሲፈርስ ክሬቲኒን ስለሚሆን ውጤቱ ከፍ ብሎ ኩላሊቱ የታመመ ሊመስል ይችላል። ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንቱ ቡናማ የሆነና ጡንቻው ያበጠ ሰው ግን «ክሬቲኑ ነው» ተብሎ ቤት አይተኛ፤ ጡንቻው እየፈረሰ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ፀሐይ ላይ እየሠራ ንግግሩ የተደበላለቀበትን ወይም ራሱን የሳተን ሰው ካዩ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብተው በውኃ ያርሱት፣ ያናፍሱትም፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ፣ አምቡላንስም ይጥሩ።