የፑሊው ምልክትና የዛቢያው ምርጫ

ገመድ በፑሊ ላይ አልፎ በሁለቱ ጫፎቹ ዕቃ ሲንጠለጠልበት ሦስት እንቅስቃሴዎች በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ ከባዱ ዕቃ ይወርዳል፣ ቀላሉ ይወጣል፣ ፑሊው ይዞራል። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እኩልታ ይጻፋል። እኩልታዎቹን መጻፍ ብዙ ተማሪ አያስቸግረውም። ችግሩ የሚመጣው ሦስቱን ከሚያገናኘው ምልክት ነው።

በግራ 5 ኪሎግራም፣ በቀኝ 3 ኪሎግራም ተንጠልጥሏል እንበል። ፑሊው 4 ኪሎግራም የሚመዝን ድፍን ዲስክ ነው፤ ገመዱ አይንሸራተትም፣ የመሬት ስበት ፍጥንጥነት 10 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ተብሎ ይወሰዳል። ከባዱ በግራ ስለሆነ ፑሊው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራል። የሚመቸው ስምምነት እንቅስቃሴውን ተከትሎ መሄድ ነው፤ ለግራው ዕቃ ወደ ታች፣ ለቀኙ ወደ ላይ፣ ለፑሊው ደግሞ ይህ የዙረት አቅጣጫ ፖዘቲቭ ይሆናል። በዚህ አካሄድ ሦስቱም በአንድ ፖዘቲቭ a ይገለጻሉ፦

```
50 - T1 = 5a
T2 - 30 = 3a
T1 - T2 = (1/2)(4)a = 2a
```

ሦስቱ ሲደመሩ ውጥረቶቹ ተጣፍተው 20 = 10a ይቀራል፤ ፍጥንጥነቱ 2 ይሆናል። የግራው ውጥረት 40፣ የቀኙ 36 ኒውተን ነው። ሁለቱ ውጥረቶች እኩል አለመሆናቸው ልብ ይባል። ፑሊው ክብደት እያለው T1 = T2 ብሎ መጻፍ ፑሊውን የሚያዞር ምንም ነገር የለም ማለት ነው፤ ያ የሚሠራው ፑሊው ክብደት የለውም ተብሎ ሲታለፍ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ተማሪ ለሁለቱም ዕቃዎች ወደ ላይ ያለውን ፖዘቲቭ አድርጎ ጀመረ። ይህ በራሱ ጥፋት የለበትም። ነገር ግን የግራው ዕቃ ስለሚወርድ ፍጥንጥነቱ በዚህ ስምምነት -a መሆን ሲገባው እንደ ቀኙ +a ተብሎ ከተጻፈ T1 = 50 + 5a፣ T2 = 30 + 3a ይሆናሉ። ልዩነታቸው 20 + 2a ነው፤ ከፑሊው 2a ጋር ሲተካከል 20 = 0 ይወጣል። እንዲህ ያለው ስሕተት ራሱን ስለሚያጋልጥ ተማሪው ዕድለኛ ነው።

ፑሊው 10 ኪሎግራም ቢሆን ግን ስሕተቱ ይደበቃል። ትክክለኛው ፍጥንጥነት 20 ለ13 ሲካፈል፣ ማለትም 1.54 አካባቢ ነው። ምልክቱ የተሳሳተው ስሌት ግን 20 ለ3 ሲካፈል 6.67 ይሰጣል። ቁጥሩ ከ10 ስለሚያንስ ማንንም አያስደነግጥም፤ በምርጫ ጥያቄ ውስጥ ከአማራጮቹ አንዱ ሆኖ ሊቀመጥም ይችላል። የሚያጋልጠው ውጥረቱ ነው። በዚህ ስሌት የግራው ገመድ ውጥረት 83 ኒውተን ያህል ሲሆን፣ የዕቃው ክብደት ደግሞ 50 ብቻ ነው። ፍጥነቱ እየጨመረ የሚወርድን ዕቃ የያዘ ገመድ ውጥረት ከዕቃው ክብደት ማነስ አለበት፤ የሚወጣውን የያዘው ደግሞ መብለጥ አለበት። ይህ ማረጋገጫ ከአንድ መስመር በላይ አይፈጅም፤ ከሁሉም ማረጋገጫዎች ቀድሞ ሊለመድ የሚገባውም እሱ ነው።

የዛቢያ ስሕተት ከዚህ ይለያል፤ ምልክቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ መልሱ ሊበላሽ ይችላል። ድፍን ሲሊንደር በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ሳይንሸራተት ሲንከባለል ሁለት ዛቢያዎች ይመቻሉ። አንደኛው በመካከሉ ያልፋል፤ ክብደቱ በዚያው በመካከል ስለሚያርፍ ቶርክ የለውም፣ የሚያዞረው ሰበቃው ብቻ ነው፣ የዙረት ኢነርሺያው ደግሞ ½MR² ነው። ሁለተኛው ሲሊንደሩ ተዳፋቱን በሚነካበት ነጥብ ያልፋል፤ እዚያ የሰበቃው ቶርክ ዜሮ ነው፣ የሚያዞረው ክብደቱ ነው፣ ኢነርሺያው ወደ 3/2 MR² ከፍ ይላል። በሁለቱም መንገድ ፍጥንጥነቱ 3.33 ይወጣል።

ጥፋቱ የሚፈጠረው ቶርኩ ከአንዱ፣ ኢነርሺያው ከሌላው ዛቢያ ሲወሰድ ነው። ከመነኪያው ነጥብ የተሰላው የክብደት ቶርክ ከመካከሉ ½MR² ጋር ቢጣመር ፍጥንጥነቱ 10 ይሆናል። ሰበቃ በሌለበት ተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ዕቃ እንኳ 5 ብቻ ነው የሚያገኘው፤ የሚንከባለለው ከዚያ ማነስ ሲገባው በነፃ እንደሚወድቅ ድንጋይ ፈጠነ ማለት ነው። በተጨማሪም የመነኪያው ነጥብ ለማንኛውም ነገር አይሠራም። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይንሸራተት ለሚንከባለል ሚዛናዊ ጎማ ወይም ሲሊንደር ትክክል ነው፤ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ላደላ ጎማ ግን ቀላሉ እኩልታ ይበላሻል። ባጠራጠረ ጊዜ የክብደት ማዕከሉን መምረጥ አያሳስትም።

ኢነርሺያን ከአንድ ዛቢያ ወደ ሌላ ማዛወርም የራሱ ወጥመድ አለው። Md² የሚደመረው በክብደት ማዕከል ከሚያልፈው ዛቢያ ሲነሱ ብቻ ነው። የአንድ ወጥ ዘንግ ኢነርሺያ በጫፉ ⅓ML² ነው፤ ከጫፉ ሩብ ርዝመት ወደ ውስጥ ለመግባት በዚህ ላይ ቢደመር ቁጥሩ ያድጋል፣ ወደ መካከል ሲቀርቡ ግን መቀነስ ነበረበት። ከመካከሉ 1/12 ተነስቶ 1/16 ሲጨመር ትክክለኛው 7/48 ML² ይገኛል።

ሰበቃ ብዙዎችን የሚያሳስት አቅጣጫ አለው። ሲሊንደሩ ተዳፋቱን ሲወርድ ሰበቃው ወደ ላይ ይገፋል፤ ሳይንሸራተት ሲወጣም ያው ወደ ላይ ነው፣ ምክንያቱም እየወጣ ሲዘገይ ዙረቱም አብሮ መቀነስ አለበት። መንሸራተት ከሌለ አቅጣጫውን በግምት መጀመር ይቻላል፤ ግምቱ ከተሳሳተ መልሱ ኔጌቲቭ ሆኖ ይናገራል። መንሸራተት ካለ ግን ኔጌቲቩ አያድንም፤ የመነኪያው ነጥብ ወዴት እንደሚንሸራተት አስቀድሞ ታውቆ ሰበቃው በተቃራኒው መሳል አለበት።

ለፈተና የሚያዘው ማረጋገጫ እንግዲህ በእርሳስ ይጀምራል። ከማናቸውም እኩልታ በፊት ሥዕሉ ላይ ለእያንዳንዱ አካል የፖዘቲቭ ቀስት ይሳላል፣ ዛቢያውም በነጥብ ይመለከታል። ቀጥሎ a = Rα ሲጻፍ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፦ ፑሊው ወይም ጎማው በፖዘቲቭ አቅጣጫ ሲዞር ይህ ዕቃ በራሱ ቀስት አቅጣጫ ይሄዳል? ካልሄደ ማይነስ ይገባል። ከዚያ በአንድ እኩልታ ውስጥ ያሉት ቶርኮችና ኢነርሺያው ሁሉ ከዚያው ነጥብ መለካታቸው ይታያል። የመጨረሻው ከቁጥሩ በኋላ የሚሠራ ነው፤ የፑሊው ክብደት ዜሮ ቢሆን መልሱ ወደ ተለመደው ቀላል ፑሊ ይመለሳል ወይ፣ ሁለቱ ዕቃዎች እኩል ቢሆኑ ፍጥንጥነቱ ይጠፋል ወይ ተብሎ ይፈተሻል። በፑሊው ጥያቄ አካፋዩ ውስጥ የክብደቶች ድምር ሳይሆን ልዩነት ከታየ ከላይ የተገለጸው የምልክት ስሕተት መፈጸሙ ስለማይቀር፣ ስሌቱን ከመድገም በፊት ወደ ቀስቶቹ መመለስ ይበቃል።