ተከፍቶ የሚዘጋው አካውንት

በምዝገባ ሰሞን የዩኒቨርሲቲ አይሲቲ ቢሮ በር ላይ ከሚሰለፉት ተማሪዎች ብዙዎቹ የሚናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «አካውንቴ ተዘግቷል፣ ክፈቱልኝ»። መክፈቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የሚያስቸግረው ተማሪው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ሲናገር ነው።

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪን እናስብ። ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪ ገብታ የይለፍ ቃሏን ቀየረች። በአዲሱ ገብታ ኮርሶቿን መምረጥ ጀመረች። ቤተ መጻሕፍት ደርሳ ድጋሚ ልትገባ ስትል አካውንቱ ተቆልፏል። እሷ አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። ቢሮ ሄዳ አስከፈተች፤ ምሳ ሳትበላ ተመልሶ ተዘጋ።

መቆለፊያው የሚቆጥረው የተሳሳተ ሙከራን ነው፤ ማን እንደሞከረ አይለይም። ቢሮው ለምሳሌ 5 ስህተት በ15 ደቂቃ ውስጥ ከታየ አካውንቱ ለ15 ደቂቃ ይዘጋ ብሎ ይወስናል። ቁጥሩ ከተቋም ተቋም ይለያያል። ዓላማው የሰው የይለፍ ቃል በግምት ለማግኘት የሚሞክርን ማዘግየት ነው። ለዘለዓለም የማይዘጋበትም ምክንያት አለው። የመግቢያ ስሙ ብዙ ጊዜ የመታወቂያ ቁጥር ስለሆነ፣ ቁጥሩን የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ሆን ብሎ እየተሳሳተ ጓደኛውን ከምዝገባ ሊያስቀረው ይችላል።

ታዲያ የተማሪዋን አካውንት ማን ቆለፈው? ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ስልኳ ነው። የግቢው ዋይፋይ የሚጠይቀው ያንኑ አካውንት ነው፤ ስልኩ ደግሞ የሚያስታውሰው የድሮውን ቃል ነው። ከዶርም ወደ ላብራቶሪ፣ ከላብራቶሪ ወደ ካፌ ስትሄድ አዲስ የዋይፋይ ጣቢያ ባገኘ ቁጥር አሮጌውን ቃል ይልካል። ስህተቱ ተደምሮ አምስት ይሞላል። ቢሮው ቢከፍትላትም ስልኩ ይዘጋዋል።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ቢጻፍ ፍለጋውን ያሳጥረዋል፦

«ለአይሲቲ ቢሮ፦ የመታወቂያ ቁጥሬ ይኸውና። አካውንቴ ዛሬ ከጠዋቱ 3፡40 ገደማ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተቆልፏል። የይለፍ ቃሌን የቀየርኩት ጠዋት 3፡10 ላይ ነው። በስልኬና በላፕቶፔ የግቢውን ዋይፋይ እጠቀማለሁ። የይለፍ ቃሌን አልረሳሁም፤ የምጠይቀው ከየትኛው መሣሪያ እንደተቆለፈ ታይቶ እንዲከፈትልኝ ነው።»

«ጠዋት» የሚለው ቃል እዚህ ቁም ነገር ነው። የሰርቨሩ መዝገብ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጻፍ የእኛ ጠዋት 3፡40 እዚያ 9:40 ነው። ባለሙያው ሌሊት 03:40 ላይ ቢፈልግ ምንም አያገኝም። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የመቆለፍ ክስተት የሚመዘገበው በቁጥር 4740 ነው፤ አጠገቡ `Caller Computer Name` የሚል መስመር ይኖራል። እዚያ የላብራቶሪ ኮምፒውተር ስም ካለ ችግሩ እዚያ ነው። የዋይፋይ ሰርቨሩ ስም ካለ ግን ባለሙያው የዋይፋይ መዝገቡን ከፍቶ ሙከራውን የላከውን መሣሪያ አድራሻ ያያል። ተማሪዋም ከስልኳ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ፣ በዚያው ኔትወርክ ሥር፣ የሚታየውን አድራሻ ታመሳክራለች። የዛሬ ስልኮች ለየኔትወርኩ የተለየ አድራሻ ስለሚፈጥሩ በሌላ ቦታ የተጻፈው ላይገጥም ይችላል።

መፍትሔው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ስልኩ ኔትወርኩን እንዲረሳ ይደረጋል፤ ከዚያ አካውንቱ ይከፈታል፤ በመጨረሻም በአዲሱ ቃል ዋይፋይ ውስጥ ይገባል። መክፈቻው ትእዛዝ አጭር ነው፦

```
Unlock-ADAccount -Identity መታወቂያ_ቁጥር
```

ይህ ቁልፉን ብቻ ያነሳል፤ የይለፍ ቃሉን አይነካም። ቃሉን ማስቀየር ሌላ ጉዳይ ነው፤ አዲሱን ቃል የተቀበለ ሰው አካውንቱን እንዳለ ይረከባልና። ለዚህ ነው ቢሮው በስልክ «እኔ እገሌ ነኝ» ላለው ሁሉ የማያስቀይረው፣ መታወቂያ ይዛችሁ ኑ የሚለው። ቂም አትያዙበት፤ የሚጠብቀው እናንተን ነው። የይለፍ ቃላችሁን ንገሩን ካላችሁ ግን አትንገሩ፤ ለመክፈት አያስፈልገውም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ስልኩም ላፕቶፑም ጠፍቶ አካውንቱ አሁንም የሚቆለፍ ከሆነ፣ አንድም የተረሳ ሌላ መሣሪያ አለ፣ አንድም ሌላ ሰው እየገመተ ነው። ያን ጊዜ ደጋግሞ ማስከፈት ፋይዳ የለውም። ሙከራው ከየት እንደመጣ እንዲጣራ ጠይቁ፤ ከግቢ ውጪ ከሆነ ወይም የብዙ ተማሪዎች አካውንት አብሮ ከተቆለፈ ጉዳዩ የደህንነት ነው።

አካውንታችሁ ሲዘጋ እንግዲህ ወደ ቢሮው ከመሮጣችሁ በፊት የስልካችሁንም የላፕቶፓችሁንም ዋይፋይ አጥፉና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ጊዜ የተወሰነለት ቁልፍ ከሆነ በራሱ ይከፈታል።