አንድ ሙሉ ስም ለሦስት ሲከፈል፦ የዳታቤዝ መዋቅር መረጃ ሳይጠፋ እንዴት ይቀየራል?

አንድ ፕሮግራም ሲሻሻል የሚለወጠው ኮዱ ብቻ አይደለም። ኮዱ መረጃ የሚያስቀምጥባቸው ሰንጠረዦችም አብረው ይለወጣሉ፤ አዲስ አምድ ይጨመራል፣ አንዱ አምድ ለሁለት ይከፈላል፣ የማያስፈልገው ይሰረዛል። ኮድ ሲቀየር አሮጌው ይነሳና አዲሱ በቦታው ይገባል፤ አዲሱ ካልሠራ አሮጌው ይመለሳል። ዳታቤዝ ግን የዓመታት መዝገብ ስለያዘ እንዲህ አይነሳም። በውስጡ ያለው መረጃ ከአሮጌው ቅርጽ ወደ አዲሱ መሻገር አለበት። ይህ ማሻገር በባለሙያዎች ዘንድ ማይግሬሽን ይባላል።

ለምሳሌ የአንድ ሆስፒታል የታካሚዎች መዝገብ ይወሰድ። መዝገቡ ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ የተቀመጠ ሲሆን 2 ሚሊዮን ረድፎች አሉት። የታካሚው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ `full_name` በሚል አንድ አምድ ውስጥ ተጽፏል። አዲሱ የፕሮግራሙ ስሪት ግን ስምን፣ የአባት ስምንና የአያት ስምን በሦስት የተለያዩ አምዶች ይፈልጋል፤ ይህም በአባት ስም ብቻ መፈለግ እንዲቻል ነው።

በመጀመሪያ የሚታሰበው መንገድ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ መጨረስ ነው፦ ሦስቱን አምዶች መጨመር፣ ስሙን በክፍት ቦታው እየከፈሉ መሙላት፣ አሮጌውን አምድ መሰረዝ። ይህ መንገድ ሁለት ጉዳት አለው። የመጀመሪያው ወዲያው ይታያል። ፕሮግራሙ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ሲሠራ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይሻሻሉም፤ አንዱ አዲሱን ስሪት ሲይዝ ሌላው ገና በአሮጌው ላይ ነው። አሮጌው ኮድ የተሰረዘውን አምድ ሲጠይቅ `column "full_name" does not exist` የሚል ስህተት ይመለስለታል፣ በካርድ ክፍል መስኮት ያለው ሠራተኛም ታካሚ መመዝገብ ያቆማል። ሁለተኛው ጉዳት የከፋ ነው፤ ክፍፍሉ የተሳሳተባቸው ስሞች ካሉ፣ ስህተቱ በተገኘበት ቀን የሚመሳከሩበት ዋናው ጽሑፍ የለም።

ስለዚህ ሥራው በደረጃ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ደረጃ አሮጌውም አዲሱም ኮድ ሊሠራበት የሚችል መሆን አለበት፤ መደመር ይቀድማል፣ መቀነስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቀሪው ዝርዝር ሁሉ ከዚህ ደንብ ይመነጫል።

እያንዳንዱ ለውጥ ቁጥር በተሰጠው ፋይል ይጻፋል። ፍላይዌይ በተባለው መሣሪያ የፋይሉ ስም ለምሳሌ `V12__add_name_parts.sql` ይሆናል። መሣሪያው የትኞቹ ፋይሎች እንደተፈጸሙ `flyway_schema_history` በሚባል ሰንጠረዥ፣ በዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ይመዘግባል። ጃንጎም `django_migrations` የሚል ተመሳሳይ መዝገብ አለው። ሥራ ላይ ያለው ዳታቤዝ፣ የመሞከሪያውና በፕሮግራመሩ ላፕቶፕ ላይ ያለው እያንዳንዳቸው የደረሱበት ቁጥር ስለሚታወቅ ቀሪዎቹ ፋይሎች ብቻ በቅደም ተከተል ይፈጸማሉ። አንድ ጊዜ የተፈጸመ ፋይል ተመልሶ አይታረምም። ፍላይዌይ ከፋይሉ ይዘት የተሰላ መለያ ቁጥር ስለሚይዝ በኋላ የተነካካውን ፋይል ለይቶ ሥራውን ያቆማል። ስህተት ከተገኘ እርማቱ 13ኛ ፋይል ሆኖ ይጻፋል።

የመጀመሪያው ፋይል መደመር ብቻ ነው።

```sql
SET lock_timeout = '2s';
ALTER TABLE patients
  ADD COLUMN given_name text,
  ADD COLUMN father_name text,
  ADD COLUMN grandfather_name text;
```

አምዶቹ ባዶ መሆን ስለሚፈቀድላቸው ፖስትግሬስ 2 ሚሊዮኑን ረድፎች አይነካም፤ ስለ ሰንጠረዡ የያዘውን መግለጫ ብቻ ያድሳል፣ ይህም ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። አደጋው ከፊተኛው መስመር ጋር የተያያዘ ነው። `ALTER TABLE` እንዲህ ያለውን ለውጥ ሲያደርግ ሰንጠረዡን ለአፍታ ለብቻው መቆለፍ አለበት። በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሪፖርት እያወጣ ከሆነ ትእዛዙ ሪፖርቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከእሱ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች ሁሉ፣ ተራ ፍለጋ እንኳ ሳይቀር፣ ከኋላው ይሰለፋሉ። ከሰከንድ በታች የሚያልቅ ለውጥ ሆስፒታሉን ሃያ ደቂቃ የሚያቆመው በዚህ መንገድ ነው። `lock_timeout` ትእዛዙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተራ ካላገኘ እንዲተወው ያደርጋል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይሞከራል።

ቀጥሎ የሚገባው ኮድ በሁለቱም ቅርጽ ይጽፋል። የመመዝገቢያው ገጽ ሦስት ሳጥኖች ይኖሩታል፤ ፕሮግራሙ ሦስቱን አምዶች ይሞላል፣ ሦስቱን አገናኝቶም `full_name` ላይ እንደ ቀድሞው ያስቀምጣል። ንባቡ ግን ገና ከአሮጌው አምድ ነው። የድሮዎቹን ረድፎች መሙላት የሚጀመረው ይህ ኮድ በሁሉም ሰርቨሮች ላይ ከገባ በኋላ ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል በቀላሉ ይረሳል። ሙሌቱ ቀድሞ ከተጀመረ፣ አንድ አሮጌ ሰርቨር የተሞላውን ታካሚ ስም ሊያርምና እርማቱን በ`full_name` ላይ ብቻ ሊያሳርፍ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቦታዎች የተለያየ ስም ይናገራሉ።

ሙሌቱ በአንድ ትእዛዝ አይደረግም። 2 ሚሊዮን ረድፍ በአንድ ጊዜ ቢቀየር ሥራው እስኪያልቅ እያንዳንዱ የተነካ ረድፍ ለሌላ እርማት ዝግ ሆኖ ይቆያል፣ መካከል ላይ ቢበላሽም ሁሉም ወደ ኋላ ይመለሳል። በ5,000 ረድፎች ቢከፈል 400 ዙር ይሆናል። እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ይጸናል፣ በመካከሉም ዳታቤዙ ትንፋሽ ያገኛል። ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከኮምፒውተሩ ይልቅ ስሞቹ የሚያስቸግሩት እዚህ ላይ ነው። «ገብረ መስቀል ታደሰ ወርቁ» የሚለው ስም በክፍት ቦታ ሲከፈል አራት ቃል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሚወስድ ፕሮግራም ታካሚውን «ገብረ»፣ አባቱን «መስቀል»፣ አያቱን «ታደሰ» ያደርግና «ወርቁ»ን ይጥላል። «ተክለ ሃይማኖት በቀለ» ደግሞ ሦስት ቃል ስለሆነ ምንም ጥርጣሬ ሳያስነሳ ያልፋል፣ ሰውየው ግን የሌለው አባት ተሰጥቶታል። በግእዝ ቤት የሚያልቅ ቃል ከተከታዩ ጋር ይያያዝ የሚል ደንብም አያዋጣም፤ «ከበደ» እና «አበበ»ም በዚያው ቤት ያልቃሉ። የሚሻለው ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ሣህለ፣ ወለተ እያሉ በዝርዝር መያዝና ከተከታዩ ቃል ጋር አንድ ስም ማድረግ ነው። ከዝርዝሩ በኋላም ከሦስት ስም በላይ የሚቀረው ወይም የሚያጠራጥረው ረድፍ አይገመትም፤ አዲሶቹ አምዶች ባዶ ይተዉና ረድፉ ለካርድ ክፍል ሠራተኞች በተለየ ዝርዝር ይቀርባል። ፕሮግራም ገምቶ የጻፈው የአባት ስም ከእውነተኛው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ለይቶ ማውጣት እጅግ ከባድ ስለሆነ ባዶ ቦታ መተው ይመረጣል።

የተሞላው ደግሞ ይመረመራል። ሦስቱ አምዶች እንደገና ተገጣጥመው ከዋናው ጋር ይመሳከራሉ፦

```sql
SELECT count(*) FROM patients
WHERE full_name <> concat_ws(' ',
  given_name, father_name, grandfather_name);
```

ውጤቱ ለሠራተኞች ከተለዩት ረድፎች ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት። ከበለጠ የሆነ ቦታ ቃል ጠፍቷል፣ ወይም በአሮጌው መዝገብ ሁለት ክፍት ቦታ ተደራርቦ ተጽፏል። ይህ ፍተሻ የጠፋን ቃል ይይዛል እንጂ ያለ ቦታው የገባን አይይዝም፤ «ተክለ» እና «ሃይማኖት» ተለያይተው ቢገቡም ሲገጣጠሙ ዋናውን ስም ይሰጣሉ። ስለዚህ ጥቂት መቶ ረድፎች በዘፈቀደ ተመርጠው በሰው ዓይን ይነበባሉ።

የቀሩት ስሞች በሠራተኞች ከተሞሉ በኋላ `given_name` ባዶ እንዳይሆን የሚያስገድድ ደንብ ይጨመራል። የአያት ስም ግን በመዝገቡ ላይ ያልተጻፈላቸው ሰዎች ስላሉ ክፍት ይቆያል። ደንቡን ፖስትግሬስ በሁለት እርምጃ ይቀበላል። መጀመሪያ `NOT VALID` ተብሎ ከዚያ ወዲያ በሚጻፉት ረድፎች ላይ ብቻ ይሠራል፤ በኋላ በ`VALIDATE CONSTRAINT` የድሮዎቹ ይፈተሻሉ፣ ፍተሻው ሲካሄድም ምዝገባ አይቆምም።

አሁን ንባቡ ወደ አዲሶቹ አምዶች ይዛወራል። መጻፉ በሁለቱም ቦታ ይቀጥላል፤ አዲሱ ፍለጋ ችግር ካመጣ ያለፈው ስሪት ተመልሶ ሊገባና `full_name`ን እንዳለ ሊያገኘው ይችላል። ብዙ መሣሪያዎች ለእያንዳንዱ ለውጥ የመመለሻ ፋይል እንዲጻፍ ይፈቅዳሉ። የተሰረዘን አምድ የሚመልስ ፋይል ግን የሚፈጥረው ባዶ አምድ ነው፤ በውስጡ የነበረውን አያመጣም። መጠባበቂያ ቅጂም ሙሉ መፍትሔ አይሆንም። የሌሊቱ ቅጂ ከሰዓት በኋላ ቢመለስ ጠዋት የተመዘገቡት ታካሚዎች ይጠፋሉ። ቅጂው ከሁሉ የሚጠቅመው ለልምምድ ነው፤ በሌላ ሰርቨር ላይ ተዘርግቶ ማይግሬሽኑ በእውነተኛው የመረጃ መጠን ይሞከርበታል፣ የሚፈጀው ጊዜና የሚያሰናክሉት ስሞች ቀድመው ይታወቃሉ።

ፖስትግሬስ የመዋቅር ለውጦችንም ሙሉ በሙሉ ወይም ፈጽሞ በሚል ደንብ ያስኬዳል፤ ፋይሉ መካከል ላይ ቢወድቅ ዳታቤዙ ከመጀመሩ በፊት ወደነበረበት ይመለሳል። ማይኤስኪውኤል ላይ ግን እያንዳንዱ የመዋቅር ትእዛዝ ወዲያውኑ ይጸናል፤ ከሦስት ትእዛዞች ሁለተኛው ቢከሽፍ የመጀመሪያው ተፈጽሞ ይቀራል። እዚያ አንድ ፋይል አንድ ለውጥ ብቻ ቢይዝ ይሻላል።

አሮጌው አምድ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ይነሳል። ኮዱ `full_name` ላይ መጻፍ ከማቆሙ በፊት አምዱ ባዶ መሆን እንዲፈቀድለት መደረግ አለበት፤ አለዚያ የመጀመሪያው አዲስ ታካሚ ምዝገባ ውድቅ ይሆናል። ከዚያ አምዱ ከመሰረዙ በፊት ስሙ ብቻ ይቀየራል፣ ለምሳሌ `full_name_old`። ማንም ያላስታወሰው የወር መጨረሻ ሪፖርት ወይም የላቦራቶሪው ፕሮግራም አሁንም ከዚያ የሚያነብ ከሆነ በዚህ ጊዜ ስህተት ያወጣል፤ ስሙን መመለስ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። የወር ሪፖርቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሰላም ከወጣ በኋላ የመጨረሻው ፋይል `DROP COLUMN` ይዞ ይፈጸማል። ከዚህ በፊት ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚመለሱ ሲሆኑ ይህ ብቻ አይመለስም፤ ስለዚህ ያ አምድ ከመሰረዙ በፊት ከታካሚው መለያ ቁጥር ጋር ወደ ሌላ ሰንጠረዥ ተገልብጦ ይቀመጣል።