አምስትና ስድስት ሲደመሩ አምስት

«ጋሼ፣ ይሄ መልስ ተሳስቷል» አለችኝ የእህቴ ልጅ፣ የፊዚክስ ወርክሺቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። የአንዱ ቬክተር መጠን 5፣ የሌላው 6 ነው። ከወረቀቱ ጀርባ ያለው መልስ ግን የድምሩን መጠን 5 ይላል። ታዲያ ስድስቱ የት ገባ?

ጥያቄው ሀ = (3, 4) እና ለ = (−6, 0) ደምሩ፣ በቀስት ሣሉ፣ መጠኑን ፈልጉ የሚል ነው። በቅንፉ ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ላይ ስንት እርምጃ እንደሚኬድ ይናገራል፤ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ከሆነ ወደ ግራ ወይም ወደ ታች ነው። ተማሪዎች ኮምፖነንት የሚሉት ይህንኑ ነው። የጎን ጉዞው ከጎን ጉዞ ጋር፣ የሽቅቡም ከሽቅብ ጋር ለየብቻ ይደመራል፦ 3 − 6 = −3፣ 4 + 0 = 4። ድምሩ (−3, 4) ነው። መጠኑን ለማግኘት ሁለቱን ቁጥሮች በየራሳቸው አባዝተን እንደምራለን፤ 9 እና 16፣ 25 ይሆናሉ፤ ስኩዌር ሩቱ 5 ነው። ስድስቱም አልጠፋም። ሦስቱ የሀን የቀኝ ጉዞ ሲያጣፋ፣ የቀረው ሦስት ወደ ግራ ወሰደን።

ልጅቷን ያሳሳታት ሥዕሉ ነበር። ሁለቱን ቀስቶች ከአንድ ነጥብ አስነሥታ ጫፍና ጫፋቸውን በመስመር አገናኘች። መስመሩ 9 እርምጃ ወደ ጎን፣ 4 ወደ ታች ይሄዳል፤ ርዝመቱም 9.85 ገደማ ነው። ይህ የሁለቱ ልዩነት እንጂ ድምር አይደለም። ለመደመር የለን ጅራት ሀ ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቀስት እስካልዞረና እስካልተሳበ ድረስ የትም ቢንሸራተት ያው ቀስት ነው። ከ(3, 4) ተነሥተን ስድስት ወደ ግራ ስንሄድ (−3, 4) ላይ እንቆማለን።

ከሥዕል ወደ ቁጥር ሲመለሱም ያው መንሸራተት ያደናግራል። ከ(2, 1) ተነሥቶ (5, 5) ላይ የሚያበቃ ቀስት ኮምፖነንቱ (5, 5) ሳይሆን፣ መድረሻው ሲቀነስ መነሻው፣ (3, 4) ነው። ሀ ራሱ ነው፣ ቦታ ቀይሮ።

ካልኩሌተሩም የራሱ ተንኮል አለው። ያለ ቅንፍ `-3^2` ተብሎ ሲጻፍ ብዙዎቹ −9 ይሰጣሉ፤ መጠኑም 2.65 ገደማ ይመጣል። አራት እርምጃ ሽቅብ የወጣ ቀስት እንዴት 2.65 ብቻ ይረዝማል? አቅጣጫውን ስትጠይቀውም፣ 4ን ለ−3 አካፍሎ −53 ዲግሪ ይላል፤ ወደ ቀኝ ቁልቁል ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ቀስት ግን ወደ ግራ ሽቅብ ይጠቁማል። በፕሮትራክተር ለካችው፤ 127 ዲግሪ ገደማ ሆነ። 180 ጨምራበት ኖሮ ካልኩሌተሩም እዚያው ያደርሳት ነበር።