ከዕለት ፍተሻ እስከ ከባድ ጥገና

ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ባሕር ዳር የደረሰ መንገደኛ ወደ አዲስ አበባ ሲበር ብዙ ጊዜ የሚሳፈረው ኪው-400 በተባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። ይህ አውሮፕላን በረራው አጭር ስለሆነ በአንድ ቀን ደጋግሞ ይነሣል፤ ደጋግሞም ያርፋል። የአውሮፕላን ዕድሜ የሚቆጠረው በሦስት መንገድ፣ ማለትም አየር ላይ በቆየበት ሰዓት፣ በተነሣና ባረፈበት ብዛት እንዲሁም በቀን መቁጠሪያ በመሆኑ፣ ለእያንዳንዱ የጥገና ሥራ ከተሰጡት ወሰኖች ቀድሞ የሞላው ሥራውን ግድ ያደርገዋል።

ዝቅተኛው እርከን የመስመር ጥገና ሲሆን፣ አውሮፕላኑ ሃንጋር ሳይገባ በቆመበት ሜዳ የሚከናወን ነው። ባለሙያው አብራሪዎች በቴክኒክ መዝገቡ ላይ ያሰፈሩትን ጉድለት ካነበበ በኋላ ጎማውን፣ የሞተሩን ዘይትና የሰውነቱን ገጽ እየዞረ ይመረምራል። በብዙ አውሮፕላኖች ፍሬን ላይ የምትታይ ትንሽ ዘንግ አለች፤ ፍሬኑ በተበላ ቁጥር ወደ ውስጥ እየገባች ትሄድና ከመያዣዋ ጋር እኩል ስትሆን ፍሬኑ የሚለወጥበት ጊዜ መድረሱን ታመለክታለች።

ከዚህ በላይ በጥቂት መቶ የበረራ ሰዓታት ልዩነት የሚደረገው ኤ ቼክ፣ ከዚያም አውሮፕላኑን ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሃንጋር የሚያቆየው ሲ ቼክ ይመጣል። ከሁሉም የሚከብደው የመዋቅር ምርመራ ነው። በዚህ ጊዜ ወንበሩ፣ ወለሉና የውስጥ ልባሱ ተነሥቶ የአውሮፕላኑ አጥንት ይገለጣል፤ ፈሳሽ የሚንጠባጠብባቸው የመጸዳጃ ቤቱና የምግብ ማዘጋጃው ሥርም ዝገት እንዳለበት በጥንቃቄ ይታያል። ለዓይን የማይታየው ስንጥቅ የሚፈለገው ደግሞ በብረቱ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ በማሳለፍ ሲሆን፣ ሞገዱ ከተዛባ ብረቱ መሰንጠቁ ሊጠረጠር ይችላል።

የማረፊያ ብዛት ለምን ለብቻው እንደሚቆጠር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1988 በሃዋይ ደሴቶች መካከል ሲበር የነበረው የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አሳይቷል። አውሮፕላኑ የበረረው 35,496 ሰዓት ብቻ ቢሆንም በረራው በዚያው ልክ አጫጭር ስለነበር 89,680 ጊዜ ተነሥቶ አርፏል፤ በእያንዳንዱ በረራ የመንገደኞች ክፍል በአየር ግፊት ሲነፋና ሲተነፍስ ቆዳው ይለጠጣል። የባሕሩ እርጥበትና ጨው ያላቀቀው የቆዳው መጋጠሚያ ሸክሙን በሪቬቶቹ ላይ ስለጣለው በየሪቬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ጥቃቅን ስንጥቆች በቀሉ፤ ስንጥቆቹም ሲገናኙ የአውሮፕላኑ የፊት ጣሪያ ተገንጥሎ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷን አጣች። አውሮፕላኑ ግን ማረፍ ችሏል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 መረከብ የጀመረው ቦይንግ 787 ሰውነቱ በአብዛኛው ከካርቦን ጭረት የተሠራ በመሆኑ ከአሉሚኒየም ይልቅ ዝገትንና ድካምን ይቋቋማል፤ በዚህም ምክንያት ቦይንግ የመጀመሪያውን ከባድ የመዋቅር ምርመራ በቀድሞው 767 ከነበረበት 6 ዓመት ወደ 12 ዓመት አራዝሞታል። ይሁንና ካርቦን በመሣሪያ ወይም በመኪና ሲመታ ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ግጭት በደረሰ ጊዜ ልዩ ምርመራ የሚደረገው የመርሐ ግብሩ ቀን እስኪደርስ ሳይጠበቅ ነው።