የትኛው ክፍያ የቤት፣ የትኛው የሥራ?

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ እናስብ። ቀጣሪ የለውም፤ ደንበኞቹ የሚከፍሉትን ይቀበላል፣ ታክሱንም ራሱ ያሳውቃል። የባንክ ስቴትመንቱን ሲከፍት በየወሩ በራሳቸው ጊዜ የሚቆረጡ ክፍያዎች ተደርድረው ያገኛል። የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አለ፣ የፋይል ማስቀመጫ አለ፣ ስልክና ኢንተርኔት አለ፣ ልጆቹ የሚያዩት የፊልም አገልግሎት አለ። ሁሉም የሚወጡት ከአንድ ካርድ ነው። መጋቢት ደርሶ አካውንታንቱ «የሥራ ወጪህ ስንት ነው?» ሲለው መልሱ ግምት ይሆናል።

በግሉ የሚሠራ ሰው በአሜሪካ ገቢና ወጪውን የሚያሳውቀው ስኬጁል ሲ በሚባለው ቅጽ ነው። ሕጉ ወጪው ከገቢ እንዲቀነስ የሚፈቅደው ለሙያው የተለመደና የሚያስፈልግ ሲሆን ነው። የግልና የቤተሰብ ወጪ አይቀነስም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ወጪውን የሥራ የሚያደርገው የተከፈለበት ካርድ ይመስላቸዋል። የፊልሙን አገልግሎት በቢዝነስ ካርድ መክፈል የሥራ ወጪ አያደርገውም። በተቃራኒው ማቀናበሪያው በግል ካርድ ቢከፈልም የሥራ ወጪነቱ አይጠፋም። የሚወስነው አገልግሎቱ ለምን እንደዋለ ነው።

ታዲያ ለየት ያለ ሂሳብና ካርድ ምን ይጠቅማል? ማስረጃው እንዲጠራ ያደርጋል። ኩባንያ ላላቋቋመ ግለሰብ ሕጉ የተለየ የባንክ ሂሳብ ክፈት ብሎ ባያስገድደውም፣ አይአርኤስ ጥያቄ ቢያነሳ የማስረዳቱ ሸክም የእሱ የግብር ከፋዩ ነው። የሥራው ሁሉ ከአንድ ካርድ ሲወጣ ከስቴትመንቱ ውስጥ የቤቱን ከሥራው መልቀም አይኖርም። በስህተት የቤት ክፍያ በሥራው ካርድ ቢያልፍ ደግሞ ባለቤቱ ለግሉ ያወጣው ገንዘብ ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ወጪ ውስጥ አይገባም።

ስቴትመንት ብቻውን ግን አይበቃም። ገንዘቡ መከፈሉን ያሳያል እንጂ ምን እንደተገዛ አይናገርም። በአይፎን በኩል የተገዛ ሰብስክሪፕሽን ስቴትመንት ላይ የሚወጣው APPLE.COM/BILL ተብሎ ነው፤ አንዳንዴም የልጆች ጨዋታና የሥራ አፕሊኬሽን በአንድ ድምር ተጠቃልለው ይመጣሉ። ከስድስት ወር በኋላ የትኛው የትኛው እንደነበር ማን ያስታውሳል? ስለዚህ የሥራውን ሰብስክሪፕሽን ከስልኩ ሳይሆን በቀጥታ ከኩባንያው ድረ ገጽ፣ በሥራ ኢሜይልና በሥራ ካርድ መግዛት ይሻላል። የምርቱ ስም ያለበት ደረሰኝም በየጊዜው ወደዚያው ኢሜይል ይመጣል።

አሁን የቪዲዮ አንሺያችንን ክፍያዎች አንድ በአንድ እንያቸው። ዋጋዎቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ማቀናበሪያው በወር 60 ዶላር ነው፤ ከሠርግ ሥራ በቀር ስለማይነካው የዓመቱ 720 ዶላር እንዳለ ይቀነሳል። ፋይል ማስቀመጫው ግን ችግር ነበረበት፤ የሙሽሮቹ ቪዲዮና የልጆቹ ፎቶ በአንድ ቦታ ተደባልቀው ነበር። ስንት እጁ የሥራ እንደሆነ ከማስላት ይልቅ ለሥራው ብቻ በወር 10 ዶላር ሌላ አካውንት ከፈተ፤ 120 ዶላር ሙሉ በሙሉ የሥራ ሆነ። በእኔ አስተያየት መለየት የሚቻለውን ሁሉ እንዲህ መለየት ነው፤ ጥቂት ዶላር ቢጨምርም ከመቶኛ ክርክር ያድናል።

ስልክና ኢንተርኔት እንዲህ በቀላሉ አይለያዩም። ስልኩ አራት መስመር ያለው የቤተሰብ ጥቅል ነው፣ በወር 160 ዶላር። መነሻው ግን 160 ሳይሆን የእሱ መስመር ድርሻ 40 ዶላር ነው። ሥራ የሚበዛበትን አንድ ሳምንትና ሥራ የሚቀንስበትን ሌላ ሳምንት ወስዶ ጥሪና መልእክቱን ቢያይ 60 በመቶው ከደንበኛና ከሥራ ባልደረባ ጋር ሆኖ ያገኘዋል እንበል። በወር 24፣ በዓመት 288 ዶላር ነው። እስከ 2010 ድረስ የሞባይል ስልክ ጥብቅ የአጠቃቀም መዝገብ ከሚጠየቅባቸው ዕቃዎች አንዱ ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣ ሕግ ከዝርዝሩ አስወጣው። ቢሆንም መቶኛው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት መኖር አለበት። ኢንተርኔቱ 80 ዶላር ሲሆን፣ ማታ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ፊልም የሚያይበት ስለሆነ 40 በመቶ ብቻ ቢወስድ 384 ዶላር ይሆናል። መቶ በመቶ የሥራ ነው የሚል ሰው ቤቱ ውስጥ ሌላ መስመር ከሌለው ማንንም አያሳምንም።

የፊልሙ አገልግሎትስ? «የሌሎችን ቀረጻ እማርበታለሁ» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ልጆቹ ካርቱን የሚያዩበት ከሆነ ግን የቤት ነው፤ መተው ይሻላል።

የቀረው በታኅሣሥ ወር ለአንድ ዓመት 240 ዶላር የከፈለበት የሙዚቃ ፈቃድ ነው። እንደ እሱ ገንዘብ ሲወጣ ወጪ ብሎ የሚመዘግብ ሰው፣ አገልግሎቱ ከ12 ወር ካላለፈና እስከ ቀጣዩ የታክስ ዓመት መጨረሻ የሚያልቅ ከሆነ ሙሉውን በከፈለበት ዓመት መቀነስ ይችላል። በክሬዲት ካርድ ከተከፈለም የሚቆጠረው ካርዱ የተመታበት ቀን እንጂ የካርዱ ዕዳ የተከፈለበት አይደለም። ቅናሽ አጓጉቶት የሁለት ዓመቱን በሐምሌ መጀመሪያ በ480 ዶላር ቢገዛው ኖሮ ግን በመጀመሪያው ዓመት የሚቀነሰው የስድስት ወሩ፣ ማለትም 120 ዶላር ብቻ ይሆን ነበር።

ሲደመር 1,752 ዶላር ነው። ይህ ማለት ያን ያህል ገንዘብ ይመለሳል ማለት አይደለም፤ የሚቀንሰው ታክስ የሚታሰብበት ትርፍ ነው። በግል የሚሠራ ሰው ከመደበኛው የገቢ ታክስ ሌላ ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ ስለሚከፍል ቅናሹ ሁለቱንም ይነካል። የገቢ ታክሱ 12 በመቶ እርከን ላይ ላለ ሰው ከፌዴራል ታክሱ ወደ 400 ዶላር ይቀንስለታል። «ታክስ ላይ ይቀነሳል» ብሎ የማያስፈልገውን ሰብስክሪፕሽን የሚገዛ ሰው እንግዲህ ከዶላሩ ሦስት አራተኛውን ከኪሱ እየከፈለ ነው።

መዝገቡን ለመያዝ አንድ ተራ የኤክሴል ገጽ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ክፍያ ስሙ፣ የሚቆረጥበት ካርድ፣ የሚታደስበት ቀን፣ ዋጋው፣ የሥራው ድርሻ በመቶኛ፣ ከጎኑም ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ ጥያቄ ሲመጣ ከሁሉም በላይ ትፈለጋለች። ስልክና ኢንተርኔት ቅጹ ላይ ከዩቲሊቲ መስመር ይገባሉ፤ ሶፍትዌሩን አንዱ አካውንታንት ከቢሮ ወጪ፣ ሌላው ከልዩ ልዩ ወጪ ይጽፈዋል። የተመረጠውን በየዓመቱ አለመቀያየር ነው። አጠቃቀሙ ሲለወጥም መቶኛው ይለወጥ፤ ልጁ ማቀናበሪያውን ለትምህርት ቤት ሥራ መጠቀም ከጀመረ 720ው ከእንግዲህ ሙሉ አይደለም።

ደረሰኞቹ በአብዛኛው ታክሱ ከገባ በኋላ ለሦስት ዓመት መቀመጥ አለባቸው። ብዙ ኩባንያዎች ደረሰኝ የሚያሳዩት አካውንቱ ውስጥ ሲገቡ ብቻ ስለሆነ፣ ሰብስክሪፕሽን ከመሰረዝ በፊት የክፍያ ታሪኩን ገጽ ከፍቶ ሁሉንም በፒዲኤፍ ማውረድ ያስፈልጋል።