ፊትሽ ቀላ፣ ጣትሽ መሰከረብሽ!

ባለታሪካችን የ22 ዓመት ወጣት ናት። ትውልዷ ዳባት፣ ኑሮዋ ደግሞ ጎንደር ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ልብስ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አገሬው «የጠይም ቆንጆ» የሚላት ዓይነት ናት። ምን ያደርጋል ታዲያ! አብራት የምትሠራ ልጅ «ትንሽ ቀላ ብትይ ኖሮ እኮ ማን ያክልሽ ነበር!» አለቻት። ይቺ አንዲት ቃል ልቧ ውስጥ ገብታ ቀረች።

በማግስቱ ከኮስሞቲክስ ቤት የማቅሊያ ክሬም ገዛችና ማታ ማታ ፊቷን መቀባት ጀመረች። እውነትም በሦስተኛው ሳምንት ፊቷ ፈካ አለ። ያያት ሁሉ «አማረብሽ» አላት። አራት ወር እንዲህ ሄደ።

ጣጣው የመጣው ለገና ቤተሰቦቿ ዘንድ ዳባት ስትወጣ ነው። ክሬሙን ጎንደር ረስታው ሄደች። በአምስተኛው ቀን ፊቷ እንደ እሳት ይለበልባት ጀመር፤ ቲማቲም መሰለ፤ ብጉር ወረረው። «የደጋ ብርድ ነው» አሏት እናቷ። ጎንደር ተመልሳ ክሬሙን ስትቀባ ግን በሁለት ቀን ቀዘቀዘላት። «መድኃኒቴስ ይኸው ነው» ብላ አረፈች።

እዚያው ግቢ ውስጥ የምትኖር፣ ፋርማሲ የምትሠራ ጓደኛ አለቻት። አንድ ቀን ቡና ሲጠጡ እጇን ያዝ አድርጋ፣ «አንቺዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሰው ሁሉ አማረብሽ ይልሻል፤ እኔ ግን አልዋሽሽም። ፊትሽ ቀልቶ የጣትሽ መገጣጠሚያ ጠይም ነው፤ ጉንጭሽ ላይ ደግሞ ቀያይ ክር መሰል ነገር ወጥቷል። እስቲ የምትቀቢውን አሳይኝ» አለቻት።

ክሬሙ መጣ። ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ» ይላል።

«ይኸ እኮ መዋቢያ አይደለም፤ ለጠና የቆዳ በሽታ ሐኪም የሚያዘው ኃይለኛ መድኃኒት ነው» አለች ጓደኛዋ። «አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት አይበልጥም፤ ፊት ላይማ በጭራሽ! ቆዳን ያሳሳል። አንቺ ውበት ያልሽው ቅላት በሳሳው ቆዳ በኩል የሚታይ የደም ሥር ነው። ዳባት ያቃጠለሽም ብርዱ አልነበረም። ቆዳሽ ክሬሙን ለምዶት ሲቀርበት አኮረፈ።»

ፀሐዩም ቢሆን አግዟል። ዳባት ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ሰው አይታወቀውም። ጥቁረታችን ደግሞ ተፈጥሮ የሰጠን ጥላ ነው። ልጅቷ ጥላዋን በገንዘቧ አስወልቃ ነው ፀሐይ ላይ የወጣችው።

«እንግዲያው ዛሬውኑ እጥለዋለሁ!» አለች ባለታሪካችን።

«ቆይ! መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ። ስታቆሚው ይብስብሻል፤ ያን ጊዜ 'ክሬሙ ይሻለኝ ነበር' ብለሽ ትመለሻለሽ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚያች ላይ ነው» አለቻት።

ተያይዘው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት ደከም ያለ ቅባት አዘዘላትና ቀስ በቀስ አስቆማት። ከዚያ በኋላ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ብቻ፤ ፀሐይ ላይ ደግሞ ጃንጥላና የፀሐይ መከላከያ። የመጀመሪያው ወር መከራ ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ ነው ሥራ የምትገባው። ሁለት ጊዜ ክሬሙን ልትገዛ ተነስታ ጓደኛዋ ናት የመለሰቻት። በስድስተኛው ወር ጠይም መልኳ ተመለሰ። ጉንጯ ላይ ካሉት ቀያይ ክሮች ጥቂቶቹ ግን እስካሁን አልጠፉም።

አንባቢያችን፣ እርስዎም የሚቀቡት ካለ ጀርባውን ያንብቡ። «ክሎቤታሶል» ወይም «ቤታሜታሶን» የሚል ካዩና ለሳምንታት ከተቀቡት፣ በድንገት ከመጣልዎ በፊት ክሬሙን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። «ሃይድሮኪኖን» የሚለውን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው ደግሞ ቆዳው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ሊያወጣ ይችላል፤ እሱን ማስለቀቅ ከባድ ነው። «ከወርቅና ከብር ጌጥ አርቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበት ሜርኩሪ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ያቁሙ፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። ምንም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ከሆነስ? እሱንማ ከናካቴው አይግዙት!